ያላለቀ ዳቦ እንዴት ይቆጠራል? ሊጡን ወደ ዱቄት መልሶ የመቁጠር አሠራር

ሰኔ 30 ሲመጣ አብዛኛው ዳቦ ቤት ስቶሩን ይቆጥራል፤ መደርደሪያ ላይ የደረሰውን ዳቦም ይቆጥራል። መሃል ላይ ያለው ግን ይዘለላል። ማቡኪያው ውስጥ የሚዞረው ሊጥ፣ ትሪ ላይ ኩፍ እያለ ያለው ድቡልቡል፣ ምድጃ የገባው፣ ይህ ሁሉ ከስቶር ወጥቷል፤ ሽያጭ ላይ ደግሞ አልደረሰም። ካልተቆጠረ ዱቄቱ ከመዝገብ ላይ ጠፋ ማለት ነው። የሒሳብ ሰዎች "በሂደት ላይ ያለ ምርት" የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከሚዘልሉት ሌላ የሚገምቱም አሉ። "መንገድ ላይ ያለው ግማሽ አልቋል እንበል" ብለው በዳቦው ቁጥር ላይ 50 በመቶ ያባዛሉ። ይህ ከመዝለል ይሻላል፤ ግን ስህተት ነው። ዱቄቱ፣ እርሾው፣ ጨውና ዘይቱ የሚገቡት ገና ሲቦካ ነው። ሊጡ ከማቡኪያው ሲወጣ ጥሬ ዕቃው መቶ በመቶ ገብቷል። በግማሽ የቀረው ጉልበቱና መብራቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ለየብቻ ይሰላሉ። ከዚህ በታች የማሳየው አሠራር በሙሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ምሳሌዬ ቀንና ሌሊት የሚሠራ መካከለኛ ዳቦ ቤት ነው። የሚያወጣው 100 ግራም የሚመዝን ዳቦ ነው፤ ሳይታሸግ ይሸጣል። ዋጋዎቹ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ስለሆኑ በእናንተ ዋጋ ቀይሯቸው።

ከቆጠራው ቀን በፊት

መጀመሪያ የአንድ ቡኮ ልክ በጽሑፍ ይቀመጥ። ቡኮ የምለው በአንድ ጊዜ የሚቦካውን ነው። በብዙ ቤት ይህ ልክ ያለው በዋናው አቡኪ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ስለዚህ አጠገቡ ቁሙና እየመዘናችሁ ጻፉ። በእኛ ምሳሌ እንዲህ ሆነ እንበል፦ 50 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 29 ሊትር ውኃ፣ ግማሽ ኪሎ ደረቅ እርሾ፣ 750 ግራም ጨው፣ 750 ግራም ዘይት፣ 1 ኪሎ ስኳር። ሲደመር 82 ኪሎ ሊጥ ነው።

82 ኪሎው ግን ሁሉም ትሪ ላይ አይደርስም። ገንዳው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ መቁረጫው ላይ የሚጣበቅ አለ። ለዚህ 1 ኪሎ ተኩል ብንቀንስ 80.5 ኪሎ ይቀራል። አንድ ድቡልቡል በ115 ግራም ከተቆረጠ 700 ዳቦ ይወጣል። 115 ግራም የሆነው ምድጃ ውስጥ በሚተነው ውኃ ምክንያት ነው፤ ሲጋገር ወደ 100 ግራም ይወርዳል። ይህንን የክብደት ለውጥ ልብ በሉት። ጥሬውን ሊጥና የተጋገረውን ዳቦ በአንድ ሚዛን ሒሳብ ማስላት አይቻልም።

የዚህ ቡኮ ጥሬ ዕቃ ዋጋ 4,620 ብር ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ 4,000 ብሩ ዱቄት ነው፤ ኪሎው በ80 ብር።

ሁለተኛው ዝግጅት ጉልበትና መብራቱ በየደረጃው እንዴት እንደሚከፋፈል ማወቅ ነው። የወሩን ደመወዝ፣ የመብራትና የነዳጅ ወጪ፣ የቤት ኪራይና የማሽን እርጅና ቅናሽ ሰብስባችሁ ጠይቁ፦ ማን የት ይሠራል? የትኛው ማሽን ይበላል? በእኛ ምሳሌ ለአንድ ቡኮ 1,400 ብር ይወጣል። ማቡካት 210፣ መቁረጥና ማድበልበል 490፣ ኩፍ ማድረጊያ ክፍል 70፣ ምድጃ 560፣ ማቀዝቀዝና ቆጥሮ ማስረከብ 70።

ይህን ወደ መቶኛ ስንለውጠው ቦክቶ ያለቀ ሊጥ 15 በመቶ ላይ ነው። ተድበልብሎ ትሪ ላይ ሲደረደር 50 በመቶ ይደርሳል። ኩፍ ብሎ ምድጃ ሊገባ ሲል 55፣ ከምድጃ ሲወጣ 95 በመቶ ይሆናል። ኩፍ ማለቱ አንድ ሰዓት ያህል ቢፈጅም የወሰደው ገንዘብ ትንሽ መሆኑን ተመልከቱ። ደረጃን በሰዓት ርዝመት የሚለኩ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሊጡ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ማንም አይደክምም። መለኪያው የወጣው ብር ነው።

ሰዓቱን ቁረጡ

ሊጥ ቁጠሩኝ ብሎ አይጠብቅም። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ስለማይረዳ ጋጋሪዎቹን ለአንድ ሰዓት አቁሙ ይላል፤ ሊጡም ከልኩ አልፎ ይኮመጥጣል። ማቆም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አንድ የተቆረጠ ሰዓት ነው፤ ለምሳሌ ከሌሊቱ 6 ሰዓት።

ከዚያ 20 ደቂቃ ቀደም ብሎ አዲስ ቡኮ አይጀመር። የተጀመረው ቦክቶ ይለቅ። ገና ግማሹ ዕቃ የገባበት ሊጥ ለመቁጠር አስቸጋሪ ነው፤ ትንሽ መታገስ ይሻላል። ምድጃው ግን ሥራውን ይቀጥል። ልክ 6 ሰዓት ላይ ምድጃ ውስጥ የነበረው ሲወጣ ለብቻው ይቀመጥና መደርደሪያው ላይ "ምድጃ ውስጥ የነበረ" የሚል ወረቀት ይለጠፍበት። ካለቀው ዳቦ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ መለየት አይቻልም።

ቆጣሪዎቹ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ ከምርት ክፍል፣ አንዱ ከሒሳብ። የምርቱ ሰው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የሒሳቡ ሰው ይጽፋል፣ ይመዝናል። ከምድጃው ጀምራችሁ ወደ ማቡኪያው ሂዱ፤ ምድጃው ነው የማይጠብቀው። በተቃራኒው ከማቡኪያው ብትጀምሩ የቆጠራችሁት ሊጥ ቀድሟችሁ ትሪ ላይ ይደርስና ሁለቴ ይቆጠራል። ከምድጃ ወደኋላ ስትሄዱም አደጋ አለ፦ ያልተቆጠረው አልፏችሁ ወደ ተቆጠረው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ለእነዚያ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃዎች ከአንድ ደረጃ ወደ ሌላው ምንም አይለፍ። የተቆጠረ መደርደሪያ ሁሉ ወረቀት ይለጠፍበት። ወረቀቱ ላይ የቡኮው ተራ ቁጥር፣ ደረጃው፣ ቁጥሩ ወይም ክብደቱ ይጻፍ።

በየደረጃው እንዴት ይቆጠራል

ምድጃው ውስጥ ያለው በትሪ ይቆጠራል። አንድ መደርደሪያ 18 ትሪ ይይዛል፤ ትሪው 24 ድቡልቡል። 18 በ24 ሲባዛ 432 ነው። በመስታወቱ አይታችሁ ጎዶሎ ትሪ መኖሩን ጠይቁ፤ ሲወጣም አረጋግጡ። የገባበት ሰዓት ካልተጻፈ ስንት ደቂቃ እንደቀረው አይታወቅም፤ ሰዓት ቆጣሪውን አንብቡና መዝግቡ። በእኛ ሌሊት መጋገሩ እኩሌታ ላይ ነበር። የቀረው የዚያው ቡኮ ዳቦ ቀድሞ ወጥቶ እየቀዘቀዘ ነው፤ 256 ዳቦ። እነዚህ ሳይታሸጉ ስለሚሸጡና የቀራቸው 5 በመቶ ብቻ ስለሆነ እንዳለቀ ምርት ይቆጠራሉ፤ እዚህ አይገቡም።

ቀጥሎ ኩፍ ማድረጊያው ክፍል። እዚህ ዓይን ያታልላል። ኩፍ ያለው ትልቅ ይመስላል፤ ክብደቱ ግን ያው ነው። በእኛ ሌሊት አንድ ሙሉ መደርደሪያ፣ 432 ድቡልቡል፣ አለ። ሁለተኛው ላይ 10 ሙሉ ትሪና 16 ድቡልቡል የያዘ አንድ ትሪ አለ፤ 256። ድምር 688።

እዚህ ላይ ቁሙ። ከአንድ ቡኮ 700 ነበር የሚጠበቀው። 12 ጎደለ። የብዙ ሰው የመጀመሪያ ጥርጣሬ "ማን ወሰደው?" የሚል ነው። ከዚያ በፊት ሚዛን አምጡ። ከተለያዩ ትሪዎች 10 ድቡልቡል አንሱና አብራችሁ መዝኑ። አንዱን ብቻ አትመዝኑ፤ የአንዱ ክብደት ሊያሳስት ይችላል። በምሳሌያችን አሥሩ 1,170 ግራም መዘኑ። ያም አንዱ 117 ግራም ነው ማለት ነው። 688 በ117 ሲባዛ 80.5 ኪሎ ይሆናል። ሊጡ አልጎደለም። መቁረጫው ከልኩ 2 ግራም አብልጦ እየቆረጠ ነው። ምድጃው ውስጥ ያለውንና እየቀዘቀዘ ያለውን ብንደምርም 432 እና 256፣ 688 ነው፤ ያኛውም ቡኮ በዚሁ ልክ ተቆርጧል።

ስለዚህ ትሪ ላይ ያለው 688 ሳይሆን "አንድ ቡኮ" ተብሎ ይመዝገብ። በዳቦ ቁጥር ብትመዘግቡትና በ700 ብታካፍሉት ጥሬ ዕቃው ከእውነቱ ያንሳል። ለዚህ ነው ያላለቀን ነገር በቡኮ ወይም በዱቄት ኪሎ ቁጠሩ የምለው፤ ቁራጩ ቢያንስም ቢበዛም ዱቄቱ አይለወጥም።

በመጨረሻ ማቡኪያው። በምሳሌያችን አንድ ሙሉ ቡኮ ቦክቶ ገንዳ ውስጥ አለ። ያልተነካ ከሆነ መመዘን አያስፈልግም፤ የተራ ቁጥሩን አይታችሁ አንድ ብላችሁ ጻፉ። ተቆርጦ የተጋመሰ ከሆነ ግን መዝኑት። ለዚያም የባዶ ገንዳው ክብደት ቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ጎኑ ላይ በቀለም ቢጻፍ ይበጃል። የተገኘውን ኪሎ ለ82 ስታካፍሉት የቡኮ ክፍልፋይ ይሆናል።

ማቡኪያው አጠገብ የተከፈተ ጆንያ አይጠፋም። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ስቶር "ወጥቷል" ይላል፣ ምርት ክፍል "ገና አልቦካም" ይላል። መዝኑት። 31 ኪሎ አገኘን እንበል። ይህ በሂደት ላይ ያለ ምርት አይደለም፤ ጥሬ ዕቃ ነው። በ2,480 ብር ወደ ጥሬ ዕቃ መልሱት።

ወደ ብር መለወጥ

ምድጃ ውስጥ ያለው 432 ድቡልቡል ከ688ቱ ሲሰላ 0.628 ቡኮ ነው። አሁን ሁለት ዓምድ አስምሩ፤ አንዱ ለጥሬ ዕቃ፣ ሌላው ለጉልበትና መብራት።

የጥሬ ዕቃው ዓምድ ቀላል ነው። ማቡኪያው 1፣ ትሪው 1፣ ምድጃው 0.628፤ ድምሩ 2.628 ቡኮ። በ4,620 ሲባዛ 12,141 ብር ይሆናል።

በጉልበቱ ዓምድ እያንዳንዱ በደረሰበት መቶኛ ይባዛል። ማቡኪያው ላይ ያለው 0.15 ነው። ትሪ ላይ ያለው 0.50 ነው፤ ኩፍ በማለት ላይ ያለችውን ትንሽ ክፍል ተውኳት፣ ውጤቱን ብዙም አትለውጥም። ምድጃ ውስጥ ያለው ሲገባ 55 በመቶ ነበር፤ ከምድጃው 40 በመቶ ግማሹን ጨርሷል፤ ስለዚህ 75 በመቶ ነው። 0.628 በ0.75 ሲባዛ 0.471። ድምሩ 1.121 ቡኮ፤ በ1,400 ሲባዛ 1,569 ብር።

በአጠቃላይ 13,710 ብር። ሁሉንም በግማሽ የሚገምተው ሰው 7,910 ብር ነበር የሚያገኘው፤ 5,800 ብር ዝቅ ብሎ። ሁሉንም እንዳለቀ የሚቆጥረው ደግሞ 15,821 ብር ይጽፋል።

1,400 ብሩ ከየት መጣ? የወሩ ጉልበትና መብራት፣ በወሩ መጀመሪያ በሂደት ላይ የነበረው ምርት ካለም የእሱ ወጪ ተጨምሮ፣ ለአለቀው ቡኮና ለዚህ 1.121 ድምር ይካፈላል። በወሩ 420 ቡኮ ካለቀና ወጪው 589,569 ብር ከሆነ፣ ለ421.121 ሲካፈል 1,400 ይመጣል። በአለቀው 420 ብቻ ካካፈላችሁ ያለቀው ዳቦ ያላለቀውንም ወጪ ይሸከማል።

ዱቄቱን አመሳክሩ

የቆጠራው ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የእለቱን ዱቄት ከጠዋት እስከ ቆጠራው ሰዓት አስሉት። ጠዋት በሂደት ላይ የነበረ አንድ ቡኮ 50 ኪሎ፣ ተከፍቶ የነበረ ጆንያ 12 ኪሎ፣ ከስቶር የወጣ 16 ባለ 50 ኪሎ ጆንያ 800 ኪሎ። ድምር 862 ኪሎ።

አሁን የደረሰበትን ቁጠሩ። ያለቀው ዳቦ፣ እየቀዘቀዘ ያለውን 256 ጨምሮ፣ 9,608 ነው። በ700 ሲካፈልና በ50 ሲባዛ 686.3 ኪሎ ዱቄት ነው። በሂደት ላይ ያለው 2.628 ቡኮ 131.4 ኪሎ ነው። ጆንያው 31 ኪሎ። ሲደመር 848.7። የጎደለው 13.3 ኪሎ፣ ማለትም 1.5 በመቶ ነው።

የት ገባ? ድቡልቡሉን ስለመዘንን እናውቃለን። ከአንድ ቡኮ 700 ሳይሆን 688 እየወጣ ነው። 9,608 ዳቦ በ688 ቢሰላ 698.3 ኪሎ ዱቄት ይበላል፤ ልዩነቱ 12 ኪሎ። የቀረው 1.3 ኪሎ የሚበንና ወለል ላይ የሚቀር ነው። ማንም አልሰረቀም፤ መቁረጫው ይስተካከል። 12 ኪሎ በ80 ብር 960 ብር ነው፤ በየቀኑ።

የሊጡን ክብደት ሳትመዝኑ ይህን ሒሳብ ብትሠሩ ኖሮ 13.3 ኪሎው በሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ላይ ይወድቅ ነበር። ሰው ከመጠርጠር በፊት አሥር ድቡልቡል ይመዘን የምለው ለዚህ ነው። ድቡልቡሉ ልኩን መዝኖ ዱቄቱ ከጎደለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወይ ከስቶር የወጣበት ወረቀት ተሳስቷል፣ ወይ ጆንያው ሲገባም ጎዶሎ ነበር፣ ወይ ያልተመዘገበ ዳቦ ወጥቷል። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ።

ግራ የሚያጋቡ ነገሮች

ለነገ እርሾ የሚቀመጥ አሮጌ ሊጥ ካለ በውስጡ ባለው ዱቄት ልክ ይቆጠር፤ ጉልበት አይጨመርበት። ያረረ ዳቦ ግን በሂደት ላይ ያለ ምርት ውስጥ አይገባም። ሁሌ የሚያጋጥመው ጥቂት ብልሽት በጥሩው ዳቦ ወጪ ውስጥ ያለ ነው። መብራት ጠፍቶ ሙሉ ቡኮ ከተበላሸ ግን ከመደበኛ ውጭ ስለሆነ በዕቃ ዋጋ ውስጥ አይካተትም፤ በወቅቱ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ዓለም አቀፉ የዕቃ ክምችት ደረጃ፣ አይ.ኤ.ኤስ 2፣ የሚለውም ይህንኑ ነው።

ለሚያሽጉ ዳቦ ቤቶችና ለብስኩት ፋብሪካዎች አንድ ነገር ይለወጣል። ላስቲኩና ካርቶኑ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ የተጋገረ ግን ያልታሸገ ብስኩት በዱቄት መቶ በመቶ፣ በማሸጊያ ዜሮ ነው። ለማሸጊያው ሦስተኛ ዓምድ ክፈቱ፤ ከዱቄቱ ዓምድ ጋር አትደባልቁት።

በዓመቱ መሃል ያለውን ቆጠራ በተመለከተ፣ ብሩን በየወሩ በዝርዝር ማስላት ለትንሽ ዳቦ ቤት አስፈላጊ አይመስለኝም፤ 13,710 ብር ከወሩ ወጪ አንጻር ትንሽ ነው። የዱቄቱ ማመሳከሪያ ግን በሳምንት አንዴ ቢሠራ ጥሩ ነው። ሚዛን፣ አንድ ወረቀትና ሩብ ሰዓት ይበቃዋል።

ቆጠራው ሲያልቅ ሁለቱም ቆጣሪዎች ይፈርሙ፤ የተለጠፉት ወረቀቶች ተሰብስበው ከቅጹ ጋር ይያያዙ። የሐምሌ 1 ቅጽ ላይ የመጀመሪያው መስመር አሁኑኑ ይሞላ፦ በሂደት ላይ ያለ ምርት 131.4 ኪሎ ዱቄት፣ የተከፈተ ጆንያ 31 ኪሎ።